«ቀስ ብላ ትዞራለች» ብላችሁ ጽፋችሁ ስሎው ሞሽን አትጠብቁ

ምልክቱ ይሄ ነው። ሾት ሊስቱ ላይ ስሎው ሞሽን አስባችሁ ጻፋችሁ፤ ኤዲቲንግ ላይ ስትከፍቱት ተዋናይዋ ብቻ እየተንቀራፈፈች ነው። ጥፋቱ ሁሌ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ «ቀስ ብሎ» ላይ ነው። ቃሉ ስለ ተዋናይዋ እንጂ ስለ ጊዜው አይናገርም። ካሜራማኑም ያነበበውን ነው የሠራው።

አንዴ አንድ የቀረጻ ቡድን «ልጅቷ ዝናብ ውስጥ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትዞራለች» የሚል ሾት ይዘው መጡ። ልጅቷ አንገቷን እንዳመማት ሰው ትዞራለች፣ ከኋላዋ ዝናቡ እንደ ልቡ ይወርዳል። ተዋናይዋን ተዉአትና የሚወድቅ ነገር እዩ፤ ውሃ፣ ጸጉር፣ አቧራ። እነሱ ካልዘገዩ ስሎው ሞሽን አይደለም።

«ኤዲቲንግ ላይ እንጎትተው» አሉኝ። በ25 ፍሬም የተቀረጸን አራት እጥፍ ስትጎትቱት ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 6 ገደማ እውነተኛ ፍሬም ነው። ይንገጫገጫል። ሶፍትዌሩ በመሃል ፍሬም ልፍጠር ካለ ደግሞ የዝናቡ ጠብታ እንደ ሙጫ ይለጠጣል። በድጋሚ ቀረጽን። መስመሩ እንዲህ ሆነ፦

«ልጅቷ በተለመደ ፍጥነት ትዞራለች። ስሎው ሞሽን፣ ቀረጻ በሰከንድ 100 ፍሬም፣ ማጫወቻ 25። መዞሩ 2 ሰከንድ፣ ስክሪን ላይ 8።»

«በተለመደ ፍጥነት» የሚለውን እንዳትዘሉት! ካልጻፋችሁት ተዋናይዋ ስሎው ሞሽን ሲባል ሰምታ ራሷ ትዘገያለች፣ ከዚያ ድርብ ዝግታ ነው፣ ሰው ያንቀላፋል። መብራትም አስቡ፤ ሸተሩ አብሮ ስለሚፈጥን 100 ፍሬም ከ25 አራት እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል።

«ጊዜ ያልፋል» ብላችሁ ታይም ላፕስ ካልመጣ አትገረሙ። ኤዲተሩ ሁለት ሾት አደባልቆ አሳልፎላችኋል። «ካሜራው አይነቃነቅም፣ 2 ሰዓት፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ ፍሬም» በሉ። 720 ፍሬም ነው፣ በ25 ሲጫወት 29 ሰከንድ ገደማ።

ሌላው የሚያናድደኝ አናቱ ላይ «አንድ ቴክ፣ ሳይቆረጥ» ብሎ ጽፎ ከታች ራሱ የሚቆርጠው ነው። «ሰውየው ይገባል። ከአፍታ በኋላ ደብዳቤው በቅርብ ይታያል።» ሁለት ቦታ ተቆረጠ! «ከአፍታ በኋላ» ጊዜ ዘለለ፣ «በቅርብ ይታያል» ደግሞ ካሜራው በምን መንገድ እንደተጠጋ አልነገረንም። እንዲህ አድርጉት፦ «ካሜራው ከበሩ ጀምሮ ይከተለዋል፣ ሲቀመጥ ትከሻውን አልፎ ወደ ደብዳቤው ይጠጋል፣ አንብቦ እስኪጨርስ እዚያው ይቆያል።» ደብዳቤው ለማንበብ አንድ ደቂቃ ከፈጀ ተመልካቹም አንድ ደቂቃ ይጠብቃል። ረዘመ ካላችሁ ደብዳቤውን አሳጥሩት።