ጅማ ላይ መኪና ስትገዙ ገንዘቡን መቼ ነው የምትለቁት?

መንገድ ትራንስፖርት አካባቢ ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻና የሽያጭ ውል እጽፋለሁ። ጅማ ላይ ቡና ሲሸጥ መኪናም ይገዛል። ከጥቅምት እስከ ጥር እጅ ላይ ብር አለ፤ ከአዲስ አበባ መኪና ይዞ የሚመጣ ሻጭም አይጠፋም። በዚያው ወቅት ብሩን ከፍሎ፣ መኪናውን ተቀብሎ፣ ስሙን ማዛወር ያልቻለ ሰው እኔ ዘንድ የአቤቱታ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የማደርግለት ነገር ትንሽ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ሳይሆን ውሉ በሚጻፍበት ቀን የማየውን ስህተት ልንገራችሁ። ስለ ሞተሩና ስለ ቦዲው መካኒካችሁን ጠይቁ፤ እኔ የማወራው ስለ ወረቀቱና ስለ ገንዘቡ ነው።

ከፊርማ በፊት መክፈል

ይህን አንድ ስህተት ብቻ ብታስቀሩ ሌላው ሁሉ ይቀልላል። ለዚህ ነው ረጅም የምጽፈው።

አንድ የቡና ነጋዴ ከአጋሮ መጥቶ የአዲስ አበባ ታርጋ ያላት ቪትዝ አገኘ። ዋጋዋ 1,150,000 ብር። መካኒክ አይቷት ወዷታል። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ሻይ ጋብዞታል፣ ስለ ልጆቹ አውርቶለታል። ቀኑ ዓርብ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ውል ሊያረጋግጡ ሲሄዱ ሲስተም የለም ተባሉ። ባንኩ ግን ይሠራ ነበር። ሻጩም፣ «ወንድሜ፣ እኔ ማታውኑ መመለስ አለብኝ። ብሩን ላክልኝ፣ መኪናውንና ሊብሬውን ያዝ፣ ሰኞ መጥቼ እፈርምልሃለሁ» አለው። ነጋዴው 1,100,000 ብር ላከ። 50,000 ብር ለሰኞ አስቀረ። ቁልፍ በእጁ፣ ሊብሬ በኪሱ፣ መኪናዋ በግቢው። ምን ይቀራል?

ሰኞ ስልኩ ዝግ ነበር። መኪናዋ በባንክ ብድር የተገዛች ነበረች። ፋይሏ ላይ የባንኩ እገዳ አለ፤ እውነተኛው ሊብሬም ባንኩ ጋ ነው። ነጋዴው ኪስ ውስጥ ያለው ሊብሬ ፎርጅድ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን መኪናዋ ከግቢው ተወሰደች።

ይህ ሰው ሞኝ አይደለም። በሰባት ኩንታል ቡና ላይ አንድ ኪሎ ቢጎድል የሚያውቅ ሰው ነው። የተሳሳተው ሊብሬና ቁልፍ መያዝን ባለቤትነት አድርጎ በማሰቡ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ መኪናው ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚናገረው መኪናው በተመዘገበበት ቅርንጫፍ ያለው ፋይል ነው። የአዲስ አበባ ታርጋ ያለው መኪና ፋይሉ አዲስ አበባ ነው። ጅማ ቁጭ ብላችሁ ሊብሬ ብትገላብጡ አታዩትም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ሻጩ መኪናው ዕዳም እገዳም እንደሌለበት የሚያሳይ ክሊራንስ ከፋይሉ ላይ ያውጣ። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚጠይቀው ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ስለሆነ እናንተ ብቻችሁን አታወጡትም። ግን ሻጩ በእጁ ይዞት የመጣውን ወረቀት ብቻ አትመኑ። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አብሮት ቅርንጫፉ ድረስ ይሂድ፣ ወረቀቱ ሲሰጥ በዓይኑ ይይ። ሐቀኛ ሻጭ በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመ ደግሞ ሌላ መኪና ፈልጉ።

ክሊራንሱ ከመጣ በኋላ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው። እናንተ «መጀመሪያ ፈርም» ትላላችሁ፣ እሱ «መጀመሪያ ክፈል» ይላል። ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። እሱም ቢሆን አያውቃችሁም። መፍትሔው ሲፒኦ ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን ከሂሳባችሁ ቀንሶ በተቀባዩ ስም የሚሠራው የክፍያ ወረቀት። ጠዋት ሁለታችሁም አብራችሁ ወደ እናንተ ባንክ ግቡ። ሲፒኦው በሻጩ ሙሉ ስም ይሠራ፣ መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ የአያት ስም ሳይቀር። እሱ ሲሠራ ስላየ «ውሸት ይሆን?» ብሎ አይጠራጠርም። ከዚያ ሲፒኦው እናንተ ኪስ ውስጥ ሆኖ ውል ወደሚረጋገጥበት ትሄዳላችሁ። ሠራተኛው ውሉን ካነበበላችሁና ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ታስረክቡታላችሁ። ፊርማው ካልተሳካ ሲፒኦውን ወደ ባንካችሁ ትመልሳላችሁ፣ ገንዘቡም ወደ ሂሳባችሁ ይገባል።

ከጠቅላላው ላይ ጥቂት ብር፣ ለምሳሌ ከ1,150,000 ውስጥ 50,000፣ ስሙ እስኪዛወር በእናንተ እጅ ይቆይ። ግን በቃል አይሁን። «ቀሪው ስመ ሀብቱ በገዢ ስም በተዛወረ ቀን ይከፈላል» ተብሎ ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህች ብር ሻጩ ስልክ እንዲያነሳ ታደርገዋለች። ውል ማረጋገጥና ስም ማዛወር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ውሉ ተፈርሞ ስሙ ሳይዛወር የሚቆይበት ጊዜ አለ፣ በዚያ መሐል አንድ ሰነድ ጎደለ ተብሎ ሻጩ የሚፈለግበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ደግሞ አትጀምሩ። ማክሰኞ ጠዋት ጀምሩ። አንድ ነገር ቢጎድል ከፊታችሁ ሦስት የሥራ ቀን አለ። ሲስተም የለም ከተባለም ክፍያም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል።

ለሌላ ሰው ሂሳብ መላክ

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የአንዲት ሴት ነው፣ ሻጭ ነኝ የሚለው ወንድሟ ነው፣ የባንክ ሂሳቡ ደግሞ የጓደኛው ነው። እንዲህ ዓይነት ሽያጭ በሳምንት አንድ ጊዜ ያጋጥመኛል። ሁሉም ሌባ አይደለም። ግን ነገ ክርክር ቢነሳ ለባለቤቷ ከፍያለሁ የምትሉበት ማስረጃ የላችሁም።

ገንዘቡ የሚገባው ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ወኪል ከሆነ ውክልናውን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። መኪናውን በታርጋና በሻንሲ ቁጥር ጠቅሶ «እንዲሸጥ» ይላል? «የሽያጩን ገንዘብ እንዲቀበል» ይላል? የመጀመሪያውን ብሎ ሁለተኛውን የዘለለ ውክልና ብዙ አይቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ወኪሉ ይፈርማል፣ ብሩ ግን ለባለቤቱ ሂሳብ ይገባል። ውክልናው አለመሻሩንም ከሰጠው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ሌላው ቀርቶ ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን ጠይቁ። ወካይ ከሞተ ውክልናውም ያበቃል፤ ወራሾች ሲመጡ የምትይዙት ነገር አይኖርም። በስልክ በቪዲዮ አናግሩት። አምስት ደቂቃ ነው።

በባንክ ስታስተላልፉ ምክንያቱ ላይ «ለመኪና ሽያጭ» ብላችሁ የታርጋ ቁጥሩን አስጽፉ።

ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ

በዚህ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ከብዙ ዓመት በፊት 700,000 ብር የተከፈለበትን መኪና ውል 450,000 ብዬ ጻፍኩ። ገዢው «ለቴምብር ይቀንስልኛል» አለ፣ ሻጩ ተስማማ፣ እኔም ብዕሬን አነሳሁ። ሽያጩ ፈረሰ። ሻጩ የመለሰው ውሉ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ቀሪው 250,000 በጥሬ ብር የተቆጠረ ስለነበር ምስክር ከማፈላለግ በቀር ምንም አልነበረም። ገዢው አስተማሪ ነበር። ያንን ብር ስንት ዓመት እንዳጠራቀመው ነግሮኝ ስለነበር እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳየው ልቤ ይከብዳል።

ለግብሩ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በመሥሪያ ቤቱ የራሱ ግምት ነው። የተከፈለው ሁሉ ይጻፍ። አሁን ዋጋ ዝቅ አድርግልኝ የሚለኝን ሌላ ጸሐፊ ፈልግ እለዋለሁ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ብቻ መገልበጥ

ውል ላይ የሚገባው ቁጥር ከመኪናው አካል ላይ የተነበበው ይሁን። ወረቀት አድርጋችሁ በእርሳስ ፈትጉት፣ ቁጥሩ ይወጣል። ከዚያ ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደል አስተያዩት። የሞተር ቁጥሩንም እንዲሁ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ መኪና ስም ማዛወር ላይ ይቆማል፣ እናንተም ከከፈላችሁ በኋላ ነው የምትሰሙት።

የትዳር ጓደኛን መርሳት

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ወይም ባሏ ይፈርሙ፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ከፋይዳው ወይም ከቀበሌ መታወቂያው ጋር ይህም በጠዋቱ ይጠየቅ።

ቀብድ ለደላላ መስጠት

ቀብድ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው፣ በጽሑፍ ነው፣ ትንሽ ነው። ሕጉ ቀብድ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ግን የሚሠራው የተቀበለው ሰው ሲገኝ ነው። ስለዚህ ክሊራንስ ሳይመጣ ሁለት መቶ ሺህ ብር ቀብድ አትስጡ። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ውሉ ሲፈረም ነው። በጅማ የማውቃቸው ጥሩ ደላሎችም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ቀድሞ የሚጠይቀውን ተጠንቀቁ።

የርክክቡን ሰዓት አለመጻፍ

ፊርማ ካለቀ በኋላ ሰው ይቸኩላል፣ ቁልፉን ተቀብሎ ይሄዳል። ከመሄዳችሁ በፊት ዋናውን ሊብሬ፣ ሁለቱንም ቁልፍ፣ የቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ወረቀቱን፣ መኪናው አገር ሲገባ የተሠራለትን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ቅጂ ተቀበሉ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ እስከ ዛሬዋ ሰዓት ያለው የሻጭ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የገዢ ተብሎ ይጻፍ።

ሰዓቱን የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የተፈረመ መኪና ገዢው «ነገ እወስደዋለሁ» ብሎ ሻጩ ግቢ ተወው። ማታ የሻጩ የእህት ልጅ ይዞት ወጥቶ ፈረንጅ አራዳ አጠገብ ባጃጅ ገጨ። ውሉ ላይ ቀን ብቻ ነበር የተጻፈው። ሻጩ «ጠዋት ሸጬዋለሁ» አለ፣ ገዢው «ቁልፉን አልተቀበልኩም» አለ፣ የባጃጁ ልጅ እግሩ ተሰብሮ በመሐል ቀረ። ሳምንታት ተመላለሱ።

ከዚያ ወዲህ በምጽፈው ውል ሁሉ ከቀኑ ቀጥሎ ለሰዓቱ አንድ መስመር እተዋለሁ። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰዓቱ እዚያው ይሞላል፣ ሁለቱም አጠገቡ ይፈርሙበታል።