ስለ እንቁላል አስኳል በብዛት የሚሠሩ ስህተቶች

በቀለሙ መፍረድ

ቀፊራ ገበያም ሆነ ሐረር፣ አስኳሉ ደማቅ ቢጫ ከሆነ «የሐበሻ ነው»፣ ከነጣ ደግሞ «የፈረንጅ ነው፣ ጥቅም የለውም» ይባላል። ቀለሙ ግን የሚናገረው ዶሮዋ ስለበላችው ነው። ሉቲን የሚባለው ቢጫ ቀለም ከአረንጓዴ ቅጠልና ከቢጫ በቆሎ ይመጣል፤ ዶሮዋ ራሷ አትሠራውም። በሐረርጌ እንደተለመደው ማሽላና ነጭ በቆሎ ብቻ ከለቀመች የሐበሻ ዶሮም ብትሆን አስኳሏ ይነጣል። በተቃራኒው መኖ ውስጥ የቀይ በርበሬ ጭማቂ ከገባ ሉቲን ሳይጨምር አስኳሉ ይቀላል። አስኳሉ ውስጥ ያሉት ለአንጎል የሚያስፈልገው ኮሊንና ለአጥንት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ዲ ደግሞ ቀለም ስለሌላቸው በዓይን አይለዩም። ዶሮ የምታረቡ ከሆነ በየቀኑ የተከተፈ አልፋልፋ ወይም የጎመን ቅጠል ስጡ። አንድ አስኳል በዶሮዋ ሆድ ለመሙላት 10 ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ለውጡን በማግስቱ አትጠብቁ።

ሉቲንን ለዳፍንት መጠበቅ

ሉቲን በዓይን ጀርባ፣ ጥርት አድርገን በምናይበት ቦታ ተከማችቶ ሰማያዊውን ብርሃን ያጣራል። ወደ ቫይታሚን ኤ ግን አይለወጥም። ዳፍንት የሚመጣው ከቫይታሚን ኤ እጥረት ስለሆነ፣ ሲመሽ የሚደናበር ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአንድ ትልቅ እንቁላል ያለው ሉቲን ሩብ ሚሊግራም ያህል ነው፤ ጎመን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። የእንቁላሉ ብልጫ ስቡ ነው፣ ሉቲን ያለ ስብ በደንብ አይመጠጥምና። ጎመኑን ከእንቁላል ጋር አብሮ መብላት ከሁለቱም ያተርፋል።

ነጩን በልቶ አስኳሉን መተው

ኮሊን ከሞላ ጎደል ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው። ሰውነት ከእሱ የአንጎል ሴሎችን ሽፋንና ለማስታወስ የሚያገለግለውን አሴቲልኮሊን ይሠራል። ነፍሰ ጡር በቀን 450 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። 50 ግራም የሚመዝን እንቁላል 147 ገደማ ይሰጣል፤ የሐበሻው ግን ብዙ ጊዜ 40 ግራም አካባቢ ስለሆነ 120 ያህል ብንይዝለት ይሻላል። ፈጢራዋ ላይ ሁለት የሐበሻ እንቁላል ቢገባ 240 አገኘች ማለት ነው። የቀረውን 210 ከሥጋ፣ ከወተትና ከባቄላ ታሟላለች፤ ጉበት በኮሊን ቢበልጥም ቫይታሚን ኤው ስለሚበዛ በእርግዝና ጊዜ አይዘወተርም።

ቫይታሚን ዲን ለእንቁላል ብቻ መተው

አንድ እንቁላል 40 ዩኒት ገደማ አለው፣ የአዋቂ ፍላጎት ደግሞ 600 ነው። 15 እንቁላል ማን ይበላል! ዋናው ምንጭ ፀሐይ ነው፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱን ሸሽቶ ቤት የሚውለው ብዙ ነው። በመስኮት መስታወት የገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ ቫይታሚኑን የሚያሠራውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ሲያጥር ጨረሩ በቂ ነው፣ ስለዚህ የማለዳዋ 1 ሰዓት ፀሐይ ብዙም አትረዳም። ቫይታሚን ዲ የተረጋገጠ ሥራው አጥንት ላይ ነው። በአንጎልና በዓይን ውስጥ ተቀባዮች ቢኖሩትም፣ የማየት ወይም የማስታወስ መድኃኒት ተብሎ አይወሰድም።