ከሪስ ፋይል የገባ የመጽሐፍ ምዕራፍ የጆርናል መጣጥፍ ሆኖ ሲመጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማጣቀሻ ዝርዝርዎ ላይ የመጽሐፉ ርዕስ የጆርናል ስም መስሎ ከተቀመጠ፣ የአርታኢው ስምና አሳታሚው ደግሞ ከጠፉ፣ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የጥቅስ ስታይሉ ሳይሆን ከመረጃ ቋት ባወረዱት የማጣቀሻ ፋይል፣ በሪስ ፋይሉ፣ ውስጥ ያለው የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ነው። አንዳንድ የመረጃ ቋቶች ምዕራፍንም መጣጥፍንም በአንድ ዓይነት `JOUR` ብለው ያወጣሉ። ይህን ለማረም ሲሞክሩ የሚከተሉትን አራት ስህተቶች ያስወግዱ።

ካስገቡ በኋላ ዓይነቱን ብቻ መቀየር። ማጣቀሻ ማስተዳደሪያው ዞቴሮ ላይ Item Type የሚለውን ወደ Book Section መቀየር ቀላል ነው፤ የጆርናሉ ስም የነበረውም ወደ Book Title ይዛወራል። ችግሩ ሌላው ነው። በአሮጌ የዞቴሮ ስሪቶች የመጣጥፍ ቅጽ ለአሳታሚና ለከተማ ቦታ የለውም፤ የመጽሐፉ ISBN ቁጥርም ISSN መስክ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዓይነቱን ሲቀይሩ አዲሱ ቅጽ የማያውቃቸው መስኮች እንደሚጠፉ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሳያነቡ እሺ ማለት ቁጥሩን ማጣት ነው። ስለዚህ ፋይሉን ከማስገባት በፊት በተራ የጽሑፍ አርታዒ ያርሙት። እንዲህ የመጣ መዝገብ፦

```
TY  - JOUR
TI  - የምዕራፉ ርዕስ
JO  - የመጽሐፉ ርዕስ
A2  - የአርታኢው ስም
PB  - አሳታሚ
SP  - 45
EP  - 68
SN  - 978...
ER  - 
```

ሁለት መስመር ብቻ ይለወጣል፦

```
TY  - CHAP
T2  - የመጽሐፉ ርዕስ
```

በመለያው ሁለት ፊደልና በሰረዙ መካከል ሁለት ክፍት ቦታ፣ ከሰረዙ በኋላ ደግሞ አንድ አለ። እሱን አይንኩ፤ ሲቀመጥም UTF-8 ይሁን።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መተካት። `JOUR` የሚለውን በሙሉ ወደ `CHAP` መቀየር ችግሩን ገልብጦ እውነተኛ መጣጥፎችን ምዕራፍ ያደርጋል። ይልቅ ምልክቱን ይፈልጉ። ISSN ስምንት አሃዝ ነው፤ በ978 ወይም በ979 የሚጀምር 13 አሃዝ ከሆነ መጽሐፍ ነው። መደበኛ አገላለጽ የሚቀበል አርታዒ ካለዎት ይህ ይበቃል፦

```
^SN  - 97[89]
```

የተገኘውን መዝገብ ግን አንድ በአንድ ይዩት፤ የጉባኤ ጥራዝም ISBN ይኖረዋል። አሮጌ መጽሐፍ ደግሞ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ስለሚይዝ ከዚህ ፍለጋ ያመልጣል፤ እሱን አርታኢና አሳታሚ አብረው መኖራቸው ያሳብቃል።

`CHAP` በማለት ፈንታ `BOOK` ማለት። ያን ጊዜ የምዕራፉ ጸሐፊ የመጽሐፉ ሁሉ ደራሲ ሆኖ ይወጣል። የገጽ ክልል (45–68) እና ሁለት ርዕስ ያለው መዝገብ ምዕራፍ እንጂ ሙሉ መጽሐፍ አይደለም።

የተጠቀሰን መዝገብ አጥፍቶ እንደገና ማስገባት። የጽሑፍ ሰነድዎ ውስጥ ያሉት ጥቅሶች የተያያዙት ከአሮጌው መዝገብ ጋር ነው፤ አዲሱን አያውቁትም። ዞቴሮ ደግሞ ዓይነታቸው የተለያየ ድግግሞሾችን አያዋህድም። እዚህ ላይ ብቻ ያለው መዝገብ በቦታው ይታረም፦ መጀመሪያ የ ISSN መስኩን ይቅዱ፣ ዓይነቱን ይቀይሩ፣ ቁጥሩን ISBN ላይ ይለጥፉ፣ ከዚያ አሳታሚውና ከተማው ከጎደሉ በእጅ ይሙሉ።