ማራቶን ሁለት ሳምንት ሲቀረው፦ ኪሎሜትሩን መቀነስ፣ ፍጥነቱን መያዝ

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚሠራ ከባድ ልምምድ ለውድድሩ ቀን አይደርስም። ሰውነት አንድ ከባድ ልምምድ ተቀብሎ፣ አገግሞ፣ ጉልበት እስኪጨምርበት ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ድካሙ ግን በማግስቱ ይመጣል። ስለዚህ የቀረው ሥራ ለወራት የተጠራቀመውን ድካም ማራገፍና እግር የውድድሩን ፍጥነት እንዳይረሳ ማድረግ ነው።

ሯጮች በሁለት መንገድ ይሳሳታሉ። አንዱ «ይቺን ሳምንት ብቻ ልጨምር» ብሎ እስከ መጨረሻው ይለፋና እግሩን ሳያሳርፍ መነሻው ላይ ይቆማል። ሌላው ደግሞ ዕረፍት ሲባል ሁሉን ነገር ይተዋል፤ ቢሮጥም በሶምሶማ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ስህተት ብዙ አይወራለትም እንጂ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሩጫ ሙሉ በሙሉ ሲቆም የደም ፈሳሽ መጠን በጥቂት ቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል፤ ፈጠን ያለው ብቻ ሲቆምም እግር ይፈዛል፤ ውድድር ላይ የለመዱት ፍጥነት እንግዳ ይሆናል።

ስለዚህ የሚቀነሰው የእያንዳንዱ ሩጫ ርዝመት ነው። ፍጥነቱ ባለበት ይቆያል፤ የልምምድ ቀናቱም ብዙ አይቀነሱም። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የተሻለ ውጤት ያዩት ለሁለት ሳምንት ያህል ጠቅላላ ርቀቱን ከ40 እስከ 60 በመቶ ቀንሰው ፍጥነቱን ባልነኩ አትሌቶች ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ዕቅዱን አስቀድሞ በወረቀት ላይ ማስፈር

ደብረ ማርቆስ ላይ የሚለማመድ አንድ ሯጭ እንውሰድ። በከባዱ ሳምንቱ 80 ኪሎሜትር ይሮጣል፤ ሰኞ ያርፋል፤ ማራቶኑን በ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ለመጨረስ አስቧል፤ ይህም ለአንድ ኪሎሜትር 5 ደቂቃ ማለት ነው። የመጨረሻውን 32 ኪሎሜትር የሮጠው ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ያንን ሩጫ ሳይሮጥ የቀረ ሰው ወደኋላ ተመልሶ «ላካክሰው» ማለት የለበትም፤ ያለፈው አልፏል።

የመጀመሪያው ሳምንት ወደ 52 ኪሎሜትር ይወርዳል። ሰኞ ዕረፍት ነው። ማክሰኞ 10 ኪሎሜትር ይሮጣል፦ 2 ኪሎሜትር ማሟሟቂያ፣ ከዚያ አምስት ጊዜ 1 ኪሎሜትር በ4:45፣ በየመሀሉ 400 ሜትር ሶምሶማ፣ መጨረሻ ላይ ማቀዝቀዣ። ከወር በፊት ይህንኑ ልምምድ ስምንት ጊዜ ይደጋግመው ከነበረ አሁን የቀነሰው ድግግሞሹን ብቻ ነው፤ 4:45 ያው 4:45 ነው። ረቡዕ 8 ኪሎሜትር በቀላሉ። ሐሙስ 10፣ ከዚህ ውስጥ መሀሉ ላይ ያለው 6 ኪሎሜትር በውድድሩ ፍጥነት። ዓርብ 6 በቀላሉ፣ ቅዳሜ 4፤ በቅዳሜው መጨረሻ ላይ ሣር ሜዳ ላይ አራት ጊዜ 80 ሜትር ያህል ፈጠን ብሎ ዘና ባለ እርምጃ መሮጥ። እሁድ 14 ኪሎሜትር በሶምሶማ ተጀምሮ የመጨረሻው 3 በ5:00 ይዘጋል።

የውድድሩ ሳምንት ውድድሩን ሳይጨምር 24 ኪሎሜትር ብቻ ነው። ሰኞ ዕረፍት፤ ማክሰኞ 8 (2 በቀላሉ፣ 4 በ5:00፣ 2 በቀላሉ)፤ ረቡዕ 7 በሶምሶማ፤ ሐሙስ 6፣ ውስጡ አራት ጊዜ አንድ አንድ ደቂቃ ፈጠን ያለ፤ ዓርብ ሙሉ ዕረፍት፤ ቅዳሜ 3 ኪሎሜትር ከሦስት አራት አጫጭር ፍጥነቶች ጋር። እሁድ ውድድር።

በሳምንት 50 ኪሎሜትር የሚሮጥ ሰው ቁጥሮቹን በዚሁ ልክ ያሳንስ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ወደ 33፣ ሁለተኛው ወደ 15 ይሆንለታል።

የማክሰኞዋ 4 ኪሎሜትር ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እግር ማረፍ ስለጀመረ 5:00 በጣም ቀላል ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ሰዓት ሳያዩ የሚሮጡ ብዙዎች ሳያውቁት 4:40 ላይ ይገኛሉ። ደስ ይላል፣ ነገር ግን ለእሁድ የተቀመጠውን ጉልበት ማክሰኞ ማውጣት ነው። የመጀመሪያውን ኪሎሜትር ሰዓት አይቶ ማረም፣ ከዚያም አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር መቻልን መፈተሽ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ያልተጻፈውን ድካም መቁጠር

ኪሎሜትር ቀንሶ ሌላ ቦታ እግርን ማድከም የተለመደ ነገር ነው። የጎጃም ሯጭ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ቤተሰቡን በአጨዳ ወይም በውቂያ ሊያግዝ፣ ድግስ ላይ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሊውል፣ ለንግሥ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ሊያድር ይችላል። እግር ይህንን ከሩጫ ለይቶ አያውቀውም። ሥራው የማይቀር ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያልቅ ይሻላል፤ በዚያ ቀን ደግሞ የተጻፈው ቀላል ሩጫ ይሰረዝ እንጂ በላዩ አይደረብ። በውድድሩ ሳምንት ከሐሙስ ወዲያ ግን ረጅም ሰዓት መቆምም ሆነ ሸክም ቢቀር ጥሩ ነው።

ቁልቁለትም የተለየ ነገር አለው። ወደ ታች ሲሮጡ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ ጡንቻን ከሁሉ በላይ የሚሰነጣጥቀው ይህ ነው፣ ሕመሙም በሁለተኛው ቀን ይብሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ለጠንካራ ልምምድ የሚመች ቦታ ነው፣ በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ግን ቦታው አይደለም። ደጋማ ከተማ ላይ ያለ ሯጭ ሜዳማውን አስፋልት ይምረጥ፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው ችግሩ የለበትም።

ደረጃ 3፦ እግር ሲከብድና ልብ ሲጠራጠር

ቅነሳው ከተጀመረ አራት አምስት ቀን በኋላ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይመጣል፦ አርፈው ሳለ እግር ይከብዳል። ማታ አልጋ ላይ ሲጋደሙ ይቁነጠነጣል፤ ቦታ አልበቃው ይላል። ባለፈው ሳምንት ያልነበረ የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ሕመም ብቅ ይላል። «ብቃቴ ጠፋ» የሚለው ሐሳብ የሚወለደው ያኔ ነው፤ ብዙ ሰው ተነሥቶ ያልታቀደ 20 ኪሎሜትር የሚሮጠውም በዚህ ጊዜ ነው።

ክብደቱ ምክንያት አለው። ጡንቻ ሲያርፍ ከምግብ የሚያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን አድርጎ ያከማቻል፤ አንድ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ወደ ሦስት ግራም ውኃ አብሮ ይይዛል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ቢጨምሩ ስብ አይደለም፣ የእሁድ ስንቅ ነው። መቁነጥነጡ ደግሞ በየቀኑ ይወጣ የነበረ ጉልበት መውጫ በማጣቱ ሊሆን ይችላል። የድሮው ድካም ሸፍኖት የነበረ ትንሽ ሕመምም ሰውነት ሲረጋጋ ይሰማል። ደብረ ማርቆስን በመሰለ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ቦታ 5:00 ከባሕር ዳሩ 1,800 ሜትር የበለጠ ትንፋሽ ስለሚጠይቅ፣ ውድድሩ ዝቅ ያለ ቦታ ከሆነ በልምምድ የተሰማውን ትንፋሽ ለብቃት መለኪያ ማድረግ ያሳስታል።

እውነተኛ ጉዳትን ከዚህ ለመለየት ሦስት ነገር ይመልከቱ። ሕመሙ ዛሬ ጉልበት ላይ፣ ነገ ባት ላይ እያለ ቦታ የሚቀያይር ከሆነና ሶምሶማ ሲጀምሩ የሚጠፋ ከሆነ ዕቅድዎን ይቀጥሉ። በአንድ ጣት ሊያመለክቱት የሚችሉት አንድ ነጥብ ላይ፣ በተለይ አጥንት ላይ ከሆነ፣ ሲሮጡ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም በዚያ እግር ብቻ ቆመው ቀስ ብለው ሲዘሉ የሚወጋ ከሆነ ግን ሩጫውን አቁመው የጤና ባለሙያ ጋ ይሂዱ። እብጠት ወይም ማነከስ ካለ ደግሞ የመዝለሉ ፈተና አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ባለሙያው ይሂዱ።

ጥርጣሬው ሲበረታ የሚጠቅመው ሌላ ሩጫ ሳይሆን የልምምድ ማስታወሻ ነው። ያለፉትን ስምንት ሳምንታት አውጥቶ ማንበብ፣ ያ 32 ኪሎሜትር በስንት ደቂቃ እንዳለቀ ማየት፤ ስሜት በየቀኑ ይለዋወጣል፣ የተሠራው ግን እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ለማታው መቁነጥነጥ 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድና ከከሰዓት በኋላ ቡና አለመጠጣት ያግዛል። የዋዜማው ሌሊት እንቅልፍ ቢጠፋ አይደንግጡ፤ ዋናው የዓርብ ሌሊቱ ነው፣ በዚያች ሌሊት ቀደም ብለው ይተኙ።

ደረጃ 4፦ ምግብና የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት

እስከ ረቡዕ እንደ ልማድዎ ይብሉ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ የገበታው ድርሻ ይለወጣል፦ ሩዝ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ እንጀራና በሶ ይብዛ፣ ቅባት ይቀነስ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ግቡ በቀን 500 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት ነው፤ 100 ግራም ደረቅ ሩዝ 80 ግራም ያህል ይሰጣል። ይህ በአንድ ገበታ አይሞላም፣ በቀን አምስት ጊዜ ተከፋፍሎ ቢበላ ይቀላል። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ራሱ ለዚህ ይመቻል፤ የሚያስቸግረው በቀኑ ዘግይቶ እህል መቅመሱ ነውና ከንስሐ አባት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። ቅዳሜ ግን ባቄላ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ጥሬ ሰላጣ ይቅሩ፤ ሆድን የሚነፉት እነዚህ ናቸው። ጠላና አረቄም እንዲሁ ከእሁድ በኋላ።

አዲስ ጫማ አሁን አይሞከርም። ውድድሩ ላይ የሚያደርጉት ጫማ ቢያንስ አንድ ረጅም ሩጫ ያየ ይሁን፤ የማክሰኞዋን 8 ኪሎሜትርም በእሱው ይሩጡ። ጥፍር ሐሙስ ይቆረጥ፤ ቅዳሜ ቢቆርጡት ጥግ ላይ የቀረችው ቁራጭ እሁድ ታማለች።

እሁድ ውድድሩ 12 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዳቦ በማር ወይም በሶ ይቅመሱ። ሁለት ሳምንት ያረፈ እግር መነሻው ላይ 4:40 ካልሮጥኩ ብሎ ይጎትታል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ኪሎሜትሮች በ5:05 እና በ5:10 መካከል ይያዙት፣ ከዚያ ወደ 5:00 ይግቡ።