ሰልባጅ ልብስ በኦንላይን ለመሸጥ፦ ከመምረጥ እስከ መለካት

ሰልባጅ በኦንላይን የገዛ ሰው ልብሱን ከሚመልስባቸው ምክንያቶች ዋናው "ልኬ አይደለም" የሚለው ነው። ለብሶ የማየት ዕድል የለውማ! ስለዚህ ሥራችሁ ልብሱን በቁጥር ማሳየት ነው። ለጀማሪ ጂንስ ሱሪ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ አለካኩም ቀላል ነው።

ስትመርጡ መጀመሪያ ብሽሽቱን እዩ። ጂንስ ቶሎ የሚያልቀው እዚያ ነው። ወደ ብርሃን አንሱትና ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት፤ ገዢው አንዴ ሲቀመጥ ሊቀደድ ይችላል። ዚፑን ሁለት ሦስቴ ክፈቱና ዝጉ። የጎደለ ቁልፍ ግን አያስፈራም፣ ይተካል።

ከዚያ እጠቡት። መታጠብ ያለበት ከመለካቱ በፊት ነው፤ ጨርቁ በውሃ ሊሰበሰብ ስለሚችል ቀድማችሁ የጻፋችሁት ቁጥር ውሸት ሆኖ ይቀራል። ገልብጡትና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ቀለሙ እንዳይለቅ። የደም እድፍ ካለበት ሙቅ ውሃ አታስነኩት፣ ይጣበቅበታል። እድፉ ሳይለቅ በማድረቂያ ማሽን ወይም በካውያ ሙቀት ማድረቅም ያው ነው።

አሁን ሜትር አምጡ። የሰፊ ሜትር፣ የሚተጣጠፈው። ሱሪውን ቆልፋችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ የፊቱ ወገብ ከኋላው ጋር ይግጠም። ሳትለጥጡ ከጫፍ ጫፍ ለኩ። 43 ሴንቲሜትር መጣ እንበል። እጥፉ 86 ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ስለሆነ ወደ 34 ኢንች ይጠጋል። ሱሪው ላይ የተሰፋው ቁጥር ግን 32 ሊል ይችላል! ፋብሪካዎች ቁጥሩን እንደየራሳቸው ይሰጣሉ፤ ሱሪውም በመለበስ ይሰፋል። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ፣ ግን ሜትሩ የሰጣችሁን አስቀድሙ።

ከወገብ ቀጥሎ ሦስት ልኮች ይበቃሉ። አንደኛው ከብሽሽት ስፌት እስከ እግሩ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው ከብሽሽት ስፌት ወደ ላይ፣ በፊት በኩል እስከ ወገቡ ጫፍ ያለው ነው፤ ብዙ ሻጭ ይረሳዋል፣ ሱሪው ከእምብርት በላይ ይዋል ወይስ በታች የሚታወቀው ግን በእሱ ነው። ሦስተኛው የጭን ስፋት ነው።

ማስታወቂያው ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ "ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ የተለካ። ወገብ 43 ሴ.ሜ. (ዙሪያው 86)፣ የውስጥ እግር 78፣ ከብሽሽት እስከ ወገብ 27፣ ጭን 30። የተሰፋበት ቁጥር 32።" ጨርቁ የሚለጠጥ ከሆነ "ሲለጠጥ 46 ይደርሳል" ብላችሁ ጨምሩ። ከሥሩ ደግሞ "ልክዎ የሆነውን ሱሪ እንዲሁ ዘርግተው ያወዳድሩ" በሉ። ሰው የራሱን ወገብ ሲለካ ሆዱን ይስባል፣ ሱሪው ግን አይዋሽም። የተላጠ ወይም የደበዘዘ ቦታ ካለ ሜትሩን አጠገቡ አስቀምጣችሁ በቅርብ ፎቶ አንሱት፤ መጠኑ ግልጽ ይሆናል።