የዓመቱን የበዓልና የጾም ፖስቶች በእኛ አቆጣጠር አስልቶ ቀድሞ መቅጠር

በ2018 የካቲት 13፣ ዓርብ ጠዋት፣ በሱቃችን ገጽ ላይ «ለቅበላ የሚሆን ለጋ ቅቤ ከመሀል ሜዳ ገብቷል» የሚል ፖስት ወጣ። ዐቢይ ጾም ከገባ 5ኛ ቀኑ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት፣ የቆዩ ደንበኛችን ናቸው፣ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ምነው? ጾም መግባቱን ረሳችሁት እንዴ?» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። የ2017ን የፖስት ዝርዝር ገልብጬ የፈረንጁን ዓመት ብቻ ነበር የቀየርኩት። በ2017 ፌብሩዋሪ 20 ከጾሙ 4 ቀን በፊት ነበር። በ2018 ግን ያው ፌብሩዋሪ 20 ጾሙ ውስጥ ገባ።

ደብረ ብርሃን ላይ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ቅቤ፣ ለበዓል ደግሞ የመንዝ በግ የሚሸጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በጾምና በፍስክ ነው። ፖስቱም እንደዚያው መሄድ አለበት። አሁን የምሠራበትን መንገድ ከ2019 ዓ.ም. ጋር እያሰላሁ ላሳያችሁ። አንድ ጊዜ ካዘጋጃችሁት በየዓመቱ የሚነካው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

1. ዝርዝሩን በእኛ ቀን ጻፉት

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ዝርዝሩ ላይ «ጃንዋሪ 19» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ጥር 11» በሉ። የፈረንጁን ቀን ሰንጠረዡ ራሱ ያውጣው። ጎግል ሺትስ ወይም ኤክሴል ክፈቱና A ላይ ዓመት፣ B ላይ የወሩን ቁጥር፣ C ላይ ቀኑን አስገቡ። መስከረም 1 ብሎ ይጀምራል፣ ጳጉሜን 13 ነው። D ላይ ይህን ለጥፉ፦

```
=DATE(A2+7,9,11)+IF(MOD(A2,4)=0,1,0)+(B2-1)*30+C2-1
```

የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ የዚያ ዓመት መስከረም 1 በፈረንጅ መቼ እንደሚውል ያገኛል፣ ከዚያ የሄዱትን ቀናት ይደምራል። የእኛ ወር ሁሌ 30 ስለሆነ መደመሩ ምንም አያስቸግርም። መሀል ላይ ያለው `MOD` ደግሞ ጳጉሜን 6 ለሆነችበት ዓመት ተከታይ ነው። ዓመቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ማለትም ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ፣ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል። በሌሎቹ ዓመታት 11 ነው።

D ላይ 46454 የመሰለ ቁጥር ቢወጣ አትደንግጡ። ስሌቱ ልክ ነው፣ የሳጥኑን ፎርማት ወደ `Date` ቀይሩት። ያ ቁጥር ለምሳሌ ማርች 8፣ 2027 ነው።

2. ቀናቸው የማይነቃነቀውን አስገቡ

መስቀል መስከረም 17፣ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ብላችሁ ሙሏቸው። እዚህ ብዙ ሥራ የለም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል። በ2016 ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነበር። በለመደው በ19 ጠዋት «መልካም ጥምቀት» ያለ ሰው የለጠፈው በከተራ ነው። ታቦቱ ገና ከመንበሩ አልወጣም ማለት ነው። በ2020ም እንደዚያው ይሆናል።

ገና ለየት ይላል። ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይከበራል። ስለዚህ በፈረንጁ ሁሌም ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። የገና መስመር 3ኛው ላይ ከሆነ ቀኑ ሳጥን ውስጥ በ29 ፋንታ ይህን አድርጉ፦

```
=IF(MOD(A3,4)=0,28,29)
```

3. ነነዌን አግኙ፣ ሌላው ይከተላል

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው፣ እኔንም ያሳፈረኝ ይሄው ነው። ዐቢይ ጾም፣ ሆሳዕና፣ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ ዕርገት፣ ጰራቅሊጦስ፣ የሐዋርያት ጾም፣ ሁሉም ከጾመ ነነዌ ተነስተው ይቆጠራሉ። ነነዌን በባሕረ ሐሳብ ለማግኘት ደግሞ ወረቀትና እስክርቢቶ ይበቃል። ለ2019 እንሥራው።

2019 ላይ 5500 ደምሩ፣ 7519 ይሆናል። ለ19 ስታካፍሉት 14 ይቀራል። ከ14 አንድ ቀንሱ፣ 13። ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዙት፣ 247 ይመጣል፣ ለ30 ሲካፈል 7 ይቀራል። 7 መጥቅዕ ነው።

አሁን መጥቅዑ በየትኛው ወር እንደሚውል እንይ። ከ14 ከበለጠ መስከረም ላይ ነው፣ 14 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥቅምት ላይ። የእኛ 7 ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 7፣ 2019። ይህ ቀን በሳምንቱ ምን ላይ ይውላል? ሰንጠረዡ ላይ 2019፣ 2፣ 7 ብላችሁ አስገቡና የሚወጣውን ቀን እዩ፣ ኦክቶበር 17፣ 2026 ነው፣ ቅዳሜ። እያንዳንዱ ዕለት የራሱ ተውሳክ አለው። ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ከቅዳሜ ጀምሮ በአንድ በአንድ እየወረደ ስለሚሄድ ለመያዝ አይከብድም።

መጥቅዕ 7 ሲደመር ተውሳክ 8፣ 15። መጥቅዑ ጥቅምት ላይ ስለዋለ ነነዌ የካቲት ላይ ነች፦ የካቲት 15፣ 2019። መጥቅዑ መስከረም ላይ ቢሆን ኖሮ ነነዌ ጥር ላይ ትውል ነበር። ያኔ ድምሩ ከ30 ካለፈ 30 ቀንሳችሁ ወደ የካቲት ታሻግሩታላችሁ።

ከዚህ በኋላ መስመሩ ሁሉ መደመር ነው። ነነዌ 5ኛው መስመር ላይ ካለች ለዐቢይ ጾም `=D5+14`፣ ለፋሲካ `=D5+69` ብላችሁ D ላይ ጻፉ። በጃችሁም ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የካቲት 15 ላይ 14 ስትደምሩ የካቲት 29 ነው፣ ማለትም ማርች 8፣ 2027። 69 ስትደምሩ 84 ይሆናል፣ የካቲትንና መጋቢትን 60 ስታወጡ ሚያዝያ 24 ይቀራል። ፋሲካ ሚያዝያ 24፣ ሜይ 2 ማለት ነው። በ2018 ሚያዝያ 4 ነበር የዋለው። 20 ቀን ገፍቷል፣ የዓምናውን ዝርዝር ገልብጦ መሥራት ምን እንደሚያመጣ አስቡት።

ስህተት መኖሩን የምታውቁት በዕለቱ ነው። ነነዌና ዐቢይ ጾም ሁሌም ሰኞ ይገባሉ፣ ፋሲካ እሑድ ነው። ከዚህ ከወጣ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል፣ ብዙ ጊዜ ተውሳኩ ላይ ነው። ነነዌ ደግሞ ከጥር 17 በፊትም ሆነ ከየካቲት 21 በኋላ አትውልም። እኔ ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላም ከግድግዳው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ጋር ሳላመሳክር አልቀጥርም።

4. ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

በዓሉ ቀን ላይ የሚወጣው «እንኳን አደረሳችሁ» ብቻ ነው። የሚሸጠው ፖስት ቀድሞ ነው የሚወጣው። ለ2019 ዐቢይ ጾም እንዲህ አድርጌዋለሁ። የሽሮው፣ የክኩና የምስሩ ፖስት `=D6-10` ነው። D6 ጾሙ የሚገባበት ቀን ስለሆነ የካቲት 19፣ ዓርብ ይወጣል፤ ሰው ለማዘዝ አንድ ሳምንት ሙሉ አለው። የቅቤው የመጨረሻ ፖስት `=D6-3`፣ የካቲት 26። ቅበላው እሑድ ማታ ያልቃል፣ ከዚያ እስከ ሰሙነ ሕማማት መጨረሻ ቅቤ የሚባል ነገር ገጹ ላይ አይታይም። የፋሲካ በግ ማስታወቂያ ከሆሳዕና ማግስት ጀምሮ ይወጣል፣ ግን የቆመ በግ ፎቶ ነው የምጠቀመው። ጿሚ ሰው ስልኩን ሲከፍት ጥሬ ሥጋ ባያይ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

5. ስትቀጥሩ ሰዓቱን ተጠንቀቁ

ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ጽፋችሁ የመላኪያውን ቀስት ጫን ብላችሁ ስትይዙት `Schedule Message` ይመጣል። እዚያ የምትሞሉት የፈረንጅ ቀንና የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት `8:00 AM` ነው፣ ማታ 12 ሰዓት `6:00 PM`። ስድስት መቀነስና መደመሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሚያሳስተው ሌሊቱ ነው።

የፋሲካን «እንኳን አደረሳችሁ» ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ሲፈስክ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። እኛ «ቅዳሜ ሌሊት» ነው የምንለው። ስልኩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ እሑድ ብሎታል። ስለዚህ የሚሞላው ሜይ 2፣ `3:00 AM` ነው። ሜይ 1 ብትሉት ፖስቱ የሚወጣው የስቅለት ዕለት ለቅዳሜ አጥቢያ ነው። ሰዉ ገና አክፍሎ እያለ ገጻችሁ «ክርስቶስ ተንሥአ» ይላል ማለት ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 12 ሰዓት ለሚወጣ ለማንኛውም ፖስት ቀኑን አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩት። ገጹን የሚቀጥርላችሁ ወንድም ወይም እህት ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ስልኩ የሚቆጥረው የዚያን አገር ሰዓት ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ይቀይረው።

ለሸዋ ሮቢትና ለኤፍራታ ደንበኞቻችን የዒድና የረመዳን ፖስትም እናወጣለን። ያንን በዚህ ሰንጠረዥ አታስሉት። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚሄድ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ቀኑም የሚረጋገጠው ጨረቃ ስትታይ ነው። ጽሑፉንና ፎቶውን ረቂቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ሲታወጅ በእጄ እለቀዋለሁ።

6. በሚቀጥለው ዓመት

A ላይ ያለውን ዓመት ትቀይራላችሁ፣ የነነዌን ወርና ቀን በአዲሱ ስሌት ትሞላላችሁ፣ ሌላው ራሱ ይስተካከላል። ለመለማመድ የ2020ን ሥሩት። ነነዌ ጥር 29 ከወጣላችሁ፣ ፈረንጁም ፌብሩዋሪ 7፣ 2028፣ ሰኞ ካለ፣ ልክ ናችሁ።

የ2020ን ስትጀምሩ መጀመሪያ የምታዩት የእንቁጣጣሹን መስመር ይሁን። 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ሴፕቴምበር 11፣ 2027 ጳጉሜን 6 ነው። የአበባውና የዶሮው ፖስት ያን ቀን ይውጣ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 12፣ እሑድ ጠዋት።