አቋም ያለው፣ የማይስማማውንም አንባቢ የሚያከብር የአስተያየት ጽሑፍ እንዴት ይጻፋል?

በመጀመሪያ አቋምዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «የትምህርት ቋንቋ ጉዳይ ሊታሰብበት ይገባል» የሚለው አቋም አይደለም፤ የሚቃወመው የለምና። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያለው ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። «የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ሒሳብና ሳይንስም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ» ቢባል ግን ምን እንዲለወጥ እንደተፈለገ ይታወቃል፤ አስተዋይ ሰውም «አይሆንም» ሊል ይችላል።

ለአቋምዎ አንድ ጠንካራ ምክንያት ይምረጡ፤ አምስት መደርደር ደካማውን ለተቺ አሳልፎ መስጠት ነው። እዚህ ላይ ምክንያቱ፣ ተማሪው አዲስ ትምህርትና ገና ያልጨበጠውን ቋንቋ በአንድ ጊዜ እንዲሸከም መገደዱ ነው።

አስቸጋሪው ሥራ የተቃዋሚውን ሐሳብ መጻፍ ነው። «እንግሊዝኛ የሚመርጡ ሰዎች የራሳቸውን ቋንቋ ይንቃሉ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ይህ የሰውን ልብ መገመት እንጂ ሐሳቡን መመርመር አይደለም። አንድ የአዲስ አበባ ወላጅ በእርግጥ የሚለው ሌላ ነው፦ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ሆነ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ልጁ ቋንቋውን 11ኛ ክፍል ላይ ቢጀምርበት ሁለት ዓመት አይበቃውም። በከተማ የሚያስተምር መምህር ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ስላሉ የማን አፍ መፍቻ እንደሚመረጥ ይጠይቃል። የጻፉትን ለማይስማማ ሰው ያስነብቡና «ወደድኸው ወይ?» ሳይሆን «የአንተ ሐሳብ ይህ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። «ነው፣ ግን ይህን ትተሃል» ካለዎት የተተወውን ይጨምሩ።

ከዚያ በኋላ የተቀበሉት ነገር አቋምዎን ሊለውጠው ይገባል። «እርግጥ ነው» ብሎ በአንድ መስመር ራስን ነቅንቆ ወደ ቀድሞው ንግግር መመለስ አንባቢን ማክበር ሳይሆን ማባበል ነው። የወላጁ ስጋት እውነት ከሆነ፣ የሙያ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ እንዲሰጡና እንግሊዝኛ ራሱን ችሎ በጥልቀት እንዲማሩት የሚል ይታከላል፤ የመምህሩ ጥያቄም ሐሳቡን አብዛኛው ተማሪ አንድ ቋንቋ በሚጋራባቸው ትምህርት ቤቶች ላይ ይወስነዋል። አንዳንዶች ይህን ማፈግፈግ ይሉታል። እኔ ግን ሁሉን ከሚጠቀልል አቋም ይልቅ እንዲህ የተወሰነውን ማፍረስ ይከብዳል እላለሁ።

ሲያርሙ «የማይካድ ሐቅ ነው» እና «ማንም እንደሚያውቀው» የሚሉትን ይሰርዙ፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ማስረጃ በጎደለበት ቦታ ነው። ርዕሱም አቋሙን ይናገር እንጂ ማንንም አይክሰስ።

በመጨረሻው አንቀጽ ሐሳብዎን ምን እንደሚያስለውጥዎት ይግለጹ፤ ለምሳሌ አሠራሩ በተሞከረባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሩ ልጆች 12ኛ ክፍል ላይ ከሌሎቹ ዝቅ ያለ የሒሳብ ውጤት ካመጡ፣ ጥያቄዎን እንደሚተዉ ይጻፉ።